ከ«እንዴት አደርሽ? ምን በላሽ?» ወዲያ ምን ይጻፋል?

ድሮ ከሩቅ አገር ያለ ሰው የሚወደውን የሚያገኘው በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ለመድረስ ሳምንታት ስለሚወስድና ወረቀቱም ውስን ስለሆነ፣ ጸሐፊው በወሩ ውስጥ ካለፈው ሁሉ የሚነገረውን መምረጥ ነበረበት። የተወለደ ልጅ፣ የሞተ ጎረቤት፣ የጠፋ በግ፣ የዘነበ ዝናብ ሁሉ እየተመረጠ ይጻፋል። ዛሬ በኢሞ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም መልእክት በሴኮንድ ይደርሳል፤ በቀን አሥር ጊዜ መጻፍም ይቻላል። ነገር ግን መልእክት በቀለለ ቁጥር መምረጥ ይቀራል። መምረጥ ሲቀር ደግሞ አንድ ዓይነት ቃል በየቀኑ ይደጋገማል።

ለዚህ ጽሑፍ እንዲመቸን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባል ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ሚስት ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከተለያዩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። የሰኞ መልእክታቸው እንዲህ ይላል እንበል።

«እንዴት አደርሽ የኔ ፍቅር?»
«ደህና፣ ተመስገን። አንተስ?»
«ደህና። ምን በላሽ?»
«በልቻለሁ። አንተስ በላህ?»
«በላሁ። ናፍቀሽኛል።»
«እኔም።»
«በይ ደህና ዋይ።»

የማክሰኞውም ይኸው ነው፤ የረቡዑም እንደዚሁ። ቀኑ ባይጻፍበት የትኛው መልእክት የየትኛው ቀን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሁለቱም ይዋደዳሉ፤ አንዳቸውም አላጠፉም። ሆኖም እሱ «እኔም» የምትለዋን አጭር ቃል ሲያነብ «ቀዘቀዘችብኝ» ብሎ ማሰብ ጀምሯል። እሷም በበኩሏ መልእክቱ ሲመጣ ሳትከፍተው ምን እንደሚል ታውቀዋለች። ችግሩ የፍቅር ማነስ ሳይሆን የመልእክቱ አሠራር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

የተለመደ ነገር ለምን አይሰማም?

እጣን በሚጨስበት ቤት ውስጥ የቆየ ሰው ሽታውን አያስተውለውም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን ገና በሩን ሲያልፍ ያሸተዋል። እጣኑ አልቀነሰም፤ የቆየው ሰው አእምሮ ግን ሳይለወጥ የሚደጋገምን ነገር «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ ትኩረት መስጠት ያቆማል። በሥነ ልቦና ትምህርት ይህ መላመድ ይባላል፤ ጤናማ የአእምሮ ሥራም ነው። ሁሉንም ነገር በየጊዜው እንደ አዲስ ብናስተውል ኖሮ ቀኑን መግፋት ባልቻልን ነበር። «የኔ ፍቅር»፣ «ናፍቀሽኛል»፣ «እወድሻለሁ» የሚሉት ቃላትም በአንድ ዓይነት ሰዓትና በአንድ ዓይነት አነጋገር በየቀኑ ሲመጡ ዕጣቸው ይኸው ነው።

በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስትም በየቀኑ «እንዴት አደርሽ?» ይባባላሉ፤ ነገር ግን እምብዛም አይሰለቻቸውም። ምክንያቱም ቃሉ ብቻውን አይመጣም። ድምፁ፣ የፊቱ ሁኔታ፣ ቡና ሲቀዳ የተነካ እጅ፣ ልጁን እያለበሰ የተወረወረች ፈገግታ አብረው ይመጣሉ። እነዚህ በየቀኑ ስለሚለያዩ ቃሉ አንድ ቢሆንም መልእክቱ አንድ አይሆንም። በስልክ ጽሑፍ ላይ ግን ይህ ሁሉ ይቀርና ባዶው ቃል ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ከሩቅ ያለ ሰው የጎደለውን በቃሉ ውስጥ መተካት ይኖርበታል።

ብዙ ሰው ይህ ሲገባው አዲስ የፍቅር ቃል ወደ መፈለግ ይሄዳል። «የኔ ፍቅር» የሚለውን «የኔ ማር»፣ «የኔ ንግሥት»፣ «ነፍሴ» እያለ ይቀያይራል። ሌላው ጽጌረዳና የፀሐይ መውጫ የታተመበትን «መልካም ጠዋት» የሚል ሥዕል ከአንድ ቻናል አንስቶ ይልካል። ይህ ለሁለትና ሦስት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ አዲሱም ይለመዳል። ሥዕሉ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ያው ሥዕል ለአጎትም፣ ለሥራ ባልደረባም፣ ለማኅበር ግሩፕም ሊላክ የሚችል ስለሆነ ተቀባዩ «ይህ ለእኔ ተብሎ የተጻፈ ነው» ብሎ የሚይዘው ነገር የለውም።

አንድን መልእክት ከመላክ በፊት መፈተኛ የሚሆን ቀላል ጥያቄ አለ። ይህ መልእክት ትናንት ሊላክ ይችል ነበር? ወይስ ለሌላ ሰው ሊላክ ይችል ነበር? ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ መልእክቱ ሰላምታ ነው እንጂ ወሬ አይደለም።

ሰላምታው ይቆይ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ይለወጥ

ይህ ሲባል ግን ሰላምታውን ማጥፋት ያስፈልጋል ማለት አይደለም። በባህላችን ሰላምታ ረጅም ነው። ጤናን፣ ቤትን፣ ልጆችን፣ ከብቱን ሳይቀር እየጠየቅን ነው የምንጀምረው፤ ማንም ቃሉ አዲስ እንዲሆን አይጠብቅም። ሰላምታ የሚናገረው «አለሁ፣ አልረሳሁሽም» ብሎ ነው። በተለይ ብቻውን ባዕድ አገር ለሚኖር ሰው ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት የምትመጣ አንዲት የማትለወጥ «ደህና እደሪ ሆዴ» እንደ ቤት በር መዝጊያ ናት፤ ቀኑ በሰላም እንዳለቀ ታረጋግጣለች። እንዲህ ያለች የሁለቱ ብቻ የሆነች ቃል ካለች አትነካ።

ስህተቱ የሚመጣው ሰላምታው የቀኑ ጠቅላላ መልእክት ሲሆን ነው። ለሰላምታ የሚሆነው አንድ ሁለት መስመር ይቆይና ከእሱ ቀጥሎ በየቀኑ የሚለወጥ አንድ ነገር ይጨመር። አንድ ብቻ ይበቃል። አሥራ ስድስት ሰዓት ቆማ ስትሠራ ከዋለች ሴት ወይም መኪና ሥር ተኝቶ ከዋለ ወንድ ረጅም ደብዳቤ በየቀኑ መጠበቅ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

ያ አንድ ነገር ከየት ይመጣል? ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ከዛሬ የሚወሰድ ትንሽ ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ከትናንት የተረፈ ክር ነው።

ከዛሬ የሚወሰደው ትልቅ ዜና መሆን የለበትም። ሰዎች «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲባሉ «ምንም» የሚሉት ትልቅ ነገር ስለሚፈልጉ ነው። ባል ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የገባው ሚኒባስ ሞተሩ ላይ ድመት ጎጆ ሠርታ ነበር እንበል። ይህ ዜና አይደለም፤ ግን ሚስቱ ሪያድ ሆና ጋራዡን፣ ሚኒባሱን፣ ባሏ ድመቷን ሲያባብል ማየት ትችላለች። ለሩቅ ሰው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ የማያየውን ቀን በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ ማድረግ። ስለዚህ ቀን ላይ አንድ ዓይንን የሳበ ነገር ሲያጋጥም በሦስት አራት ቃል ስልክ ላይ መመዝገብ ይጠቅማል። ማታ ሲደክም የሚጻፈው ነገር ጠፋ የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን ስለተረሳ ነው።

ከትናንት የተረፈው ክር ደግሞ ሌላው ሰው አንድ ጊዜ ያነሳውን ነገር መልሶ መጠየቅ ነው። ሚስት ማክሰኞ ዕለት «እመቤቲቱ እናቷ ታማባት ስታለቅስ ነበር» ብላ ከሆነ፣ ሐሙስ ዕለት «የእመቤቲቱ እናት ተሻላቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ናፍቀሽኛል» ከሚለው የበለጠ ይናገራል። ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው የተናገረችውን እንደያዘ፣ በሐሳቡ አብሯት እንደዋለ ያሳያልና። ይህን ዓይነት መልእክት ማንም ሰው ለማንም ሊልከው አይችልም።

አንድ ሳምንት እንዴት ይሆናል?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ነው፤ ሪያድ እኩለ ቀን ሲሆን ኮምቦልቻም እኩለ ቀን ነው። ቀናቸው ግን አንድ አይደለም። እሷ ስልኳን የምትይዘው ቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያን ሰዓት እንቅልፍ ይዞታል። ስለዚህ አብረው እየተመላለሱ ከመጻፍ ይልቅ አንዱ ትቶት የሚሄደውን ሌላው ሲመቸው የሚያገኝበት መንገድ ይሻላቸዋል።

ሰኞ ጠዋት እሱ ከሰላምታው ቀጥሎ ይህን ይጨምራል። «ዛሬ አንድ ሚኒባስ ከደሴ መጥቶ ከፍተን ስናየው ሞተሩ ላይ ድመት ከሦስት ልጆቿ ጋር ተኝታለች። ሹፌሩ እስክትወጣ ድረስ አልነካም ብሎ ሁለት ሰዓት ጠበቀ።»

ማታ እሷ ትመልሳለች። «ወይኔ፣ ሹፌሩን ይባርከው። ልጆቹ ምን ዓይነት ናቸው? እኔ ዛሬ የሕፃኑን ልብስ ስተኩስ ያንተን ሰማያዊ ሸሚዝ አስታወስኩ። አንገቱ ላይ ያለችው ቁልፍ አሁንም የለችም?»

ማክሰኞ እሱ ጽሑፍ አይልክም፤ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይቀርጽላታል። ጀርባው ላይ የመዶሻ ድምፅና የሰፈሩ ልጆች ጩኸት ይሰማል። ሸሚዙን ዛሬ እንደለበሰውና ቁልፏ እንደሌለች ይነግራታል። በድምፅ ውስጥ ሳቅም ድካምም ስለሚሰማ በጽሑፍ የቀረው ነገር በከፊል ይመለሳል። እሷ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች፤ ለመናገር ካልተመቻት በአጭሩ ትጽፋለች።

ረቡዕ ሁለቱም ደክሟቸዋል። ሰላምታውና «ደህና እደሪ ሆዴ» ብቻ ይለዋወጣሉ። ይህ ምንም አይደለም። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ባዶ ሰላምታ መሆኑ ጤናማ ነው፤ ሰባቱም ቀን ሲሆን ነው ወዝ የሚጠፋው።

ሐሙስ እሱ የትናንቱን ክር ይስባል። «ድመቷን አንዱ ልጅ ወሰዳት። የእመቤቲቱ እናትስ ተሻላቸው?» ዓርብ የእሷ አሠሪዎች ወደ ዘመድ ቤት ስለሚሄዱ ፋታ ታገኛለች፤ በቪዲዮ የሚተያዩት ያን ቀን ነው። ቅዳሜ እሱ የታየውን ፎቶ ይልካል፤ ፎቶው የራሱ ፊት ሳይሆን አብረው ቡና የሚጠጡበት በረንዳ ላይ የበቀለ ጤና አዳም ነው። «አጠጣሁት» ብሎ ብቻ ይጽፍበታል። እሁድ ደግሞ ስለ ወደፊቱ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ስትመጪ መጀመሪያ ማን ቤት ነው የምንሄደው? እናትሽ ዘንድ ወይስ እኛ ቤት?»

በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድም አዲስ የፍቅር ቃል አልተፈጠረም። «እወድሻለሁ» የሚለውም ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው። ሆኖም የትኛው መልእክት የየትኛው ቀን እንደሆነ ሳይነገር መለየት ይቻላል።

ናፍቆትን በቦታው ማስቀመጥ

ፍቅርን በቀጥታ መናገር አይቅር፤ ሲነገር ግን ምክንያቱን ወይም ቦታውን ይዞ ይነገር። «ናፍቀሽኛል» አጠቃላይ ነው። «ዛሬ ሽሮውን ብቻዬን ሠርቼ ጨው አበዛሁበት፤ ስትቀምሺ የምታደርጊው ፊት ናፈቀኝ» የሚለው ግን የአንዲት ሴት ብቻ ነው። «ቆንጆ ነሽ» ሁሉም ይላል። «ስልኩን ስታነሺ ከመናገርሽ በፊት ትንሽ የምትስቂው ነገር አለ» የሚል ሰው ግን አስተውሏል ማለት ነው። በቋንቋችን ፍቅርና ርኅራኄ በሆድና በአንጀት ይነገራሉ። «ዛሬ ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ባባ» ማለት ሲቻል ከፊልም የተቀዳ ቃል መፈለግ አያስፈልግም።

መልሱ ከመልእክቱ ይበልጣል

ብዙ ጊዜ ጭውውት የሚደርቀው የላኪው ቃል አልቆ ሳይሆን የተቀባዩ መልስ ዘግቶት ነው። ሼሊ ጌብል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛቸው መልካም ዜና ሲነግራቸው የሚመልሱበትን መንገድ በአራት ከፍለው ተመልክተዋል። ከግንኙነቱ ጥሩነት ጋር አብሮ የተገኘው በንቃትና በደስታ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ዜናውን የሚቀበል፣ የሚጠይቅ፣ የሚያስቀጥል ዓይነት። በቀዝቃዛው «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ፣ ነገሩን ማጣጣል ወይም ርዕስ ቀይሮ ስለራስ ማውራት ግን ተቃራኒውን ያሳያሉ።

ሚስት «ዛሬ እመቤቲቱ ደመወዜን ጨመረችልኝ» ብላ ጻፈች እንበል። «ጥሩ» የሚለው መልስ በሩን ይዘጋዋል። «ታዲያ ሥራ ሊበዛብሽ ነው» የሚለው ደስታውን ያጠፋዋል። «የእኔ ቤት ኪራይም ጨመረ» የሚለው ዜናውን ወደ ራስ ይስበዋል። «እልል! እንዴት ብላ ነገረችሽ? አንቺስ ምን አልሻት?» የሚለው ግን ያንን ደስታ ሁለቴ እንድታጣጥመው ያደርጋታል፤ ነገም የምትጽፈው ነገር ታገኛለች። በሩቅ ግንኙነት ውስጥ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፊት ስለማይታይ አንዲት «እሺ» የምትል ቃል ከላኪው አሳብ ይልቅ የቀዘቀዘች መስላ ትነበባለች።

ይህ ለመጥፎ ዜናም ይሠራል። «ዛሬ ራሴን አመመኝ» ሲባል ወዲያው «ኪኒን ዋጪ» ከማለት በፊት «እኔን! መቼ ጀመረሽ?» ማለት ይቀድማል። ምክር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሚፈለገው የሰማ ሰው ነው።

ጣፋጩን ብቻ አለመላክ

ወዝ ያለው መልእክት ማለት ሁልጊዜ ጣፋጭ መልእክት ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ክሪስታል ጂያንግና ጄፍሪ ሃንኮክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 63 ጥንዶች ለአንድ ሳምንት የዕለት ግንኙነታቸውን መዝግበዋል። ተራርቀው የሚኖሩት ጥንዶች በቀን የሚገናኙበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ቢሆንም የመቀራረብ ስሜታቸው ግን አላነሰም፤ እንዲያውም በልጦ ተገኝቷል። ለዚህም ሁለት ምክንያት ቀርቧል። አንደኛው ስለራሳቸው የበለጠ ገልጠው መናገራቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዱ ሌላውን ከሆነው በላይ አሳምሮ ማየቱ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት መልካም ነው። ሁለተኛው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሎራ ስታፎርድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት፣ በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ተራርቀው ቆይተው አንድ ቦታ መኖር ከጀመሩት ጥንዶች መካከል ሲሶ ያህሉ በሦስት ወር ውስጥ ተለያይተዋል። እነዚህ ያላገቡ ወጣቶች ስለነበሩ ቁጥሩን እንዳለ በትዳር ላይ ማሳረፍ አይገባም። የሚጠቁመው ነገር ግን ለማንም ይሠራል፤ በስልክ የተሳለው ሰውና በር ከፍቶ የሚገባው ሰው በጣም ከተለያዩ መገናኘቱ ራሱ ፈተና ይሆናል።

ስለዚህ ከሳምንቱ መልእክት አንዱ ያልተሳካ ነገርን፣ ያናደደ ነገርን ወይም የተለወጠ ጠባይን የሚናገር ቢሆን ይጠቅማል። «አሁን ማታ ማታ ብቻዬን መቀመጥ ለምጃለሁ፤ ስትመጪ መጀመሪያ ላይ ዝም ካልኩ እንዳይከፋሽ» የሚል መልእክት እንደ ፍቅር ቃል አይመስልም፤ ነገር ግን ከብዙ «የኔ ንግሥት» ይልቅ ያቀራርባል። ከባድ ጠብ ግን በጽሑፍ አይጀመር። ቁጣ በጽሑፍ ሲነበብ ከተጻፈው በላይ ይጮኻል፤ ሌሊቱን ሙሉም እየተመላለሱ ያነቡታል። «አንድ የከፋኝ ነገር አለ፤ ዓርብ ስንደዋወል እነግርሃለሁ፤ የሚያስፈራ አይደለም» ብሎ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል።

እንቅልፍን የሚበላ ፍቅር

መልእክት መለዋወጥ ጤናን የሚጎዳበት ዋናው መንገድ እንቅልፍን መቀነስ ነው። አዲስ አበባ እኩለ ቀን ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። በእንዲህ ያለ ልዩነት ውስጥ ያሉ ጥንዶች አንዳቸው ሁልጊዜ እንቅልፋቸውን እየቆረሱ ይጠብቃሉ። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት የሚያጣ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ቁጡ፣ ተጠራጣሪና ዝርዝክር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚጽፈው ነገር ቢደርቅ ቃል ስላጣ ሳይሆን ስለደከመ ነው።

መፍትሔው ሁለቱም የማይነቁበትን ሰዓት ተስማምተው መወሰን ነው። በዚያ ሰዓት የተላከ መልእክት ጠዋት ይነበባል፤ ስልኩም ድምፁ ጠፍቶ ከትራስ ርቆ ይቀመጣል። ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ መደወል ይቻላል። «ታይቷል» የሚለውን ምልክት እየቆጠሩ መጨነቅም በዚህ ስምምነት ይቀንሳል። ተነብቦ ያልተመለሰ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ሰውየው እጁ ሥራ ላይ እንደነበረ ብቻ ነው። «አየሁት፣ ማታ እመልሳለሁ» የምትል አጭር ቃል ብዙ ጭንቀት ታስቀራለች።

የደበዘዘው ቃሉ ሳይሆን ሰውየው ሲሆን

በመጨረሻ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በልማድ የደበዘዘ መልእክት ቀስ በቀስ ነው የሚደበዝዘው፤ አንድ ጥሩ ጥያቄ ሲመጣለትም ይነቃል። ከዚህ የተለየው ድንገት የሚመጣው ለውጥ ነው። ይጽፍ የነበረ ሰው መልሱ ወደ አንድ ቃል ካጠረ፣ የሚያስደስተው ነገር ካላስደሰተው፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ካለው፣ «ምንም ተስፋ የለኝም»፣ «ሸክም ሆኛለሁ» የሚል ቃል ካበዛ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህን ሕመም በፍቅር ቃል ብቻ ማዳን አይቻልም፤ «ለምን ትቀዘቅዛለህ?» የሚል ወቀሳም ያብሰዋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ፣ በቀጥታና በእርጋታ መጠየቅ ያስፈልጋል። «እንደ ወትሮህ አይደለህም። እንቅልፍ እንዴት ነው? መሞት የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመው ሰው እንዲናገር በር ይከፍትለታል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ያ ሰው ብቻውን እንዳይሆን በአቅራቢያው ያለ ዘመድ፣ ጓደኛ ወይም ጎረቤት ወዲያው እንዲሄድ መደረግ አለበት፤ ቀጥሎም ወደ ጤና ተቋም። አገር ቤት ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መጀመር ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል።

ባዕድ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ደግሞ ዝም ያለችው ስልኳ ስለተወሰደባት ወይም አሠሪዎቿ መልእክቷን ስለሚያነቡባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች ከመለያየታቸው በፊት፣ ካለፈም በመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪ፣ አንዲት ተራ የምትመስል ቃል ቢስማሙ መልካም ነው። «የአክስቴ ቡና አምሮኛል» የሚል መልእክት ለሚያነበው ለማንም ሰው ናፍቆት ነው። ለተስማሙት ግን «ደህና አይደለሁም፣ ደውልልኝ» ማለት ሊሆን ይችላል። ያቺን ቃል ያየ ሰው ለመልስ አይጻፍ፤ ይደውል። ስልኩ ካልተነሳ ላኪውን ኤጀንሲና በዚያ አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሳይውል ሳያድር ይጠይቅ።